የአጥፋው ሁለተኛ ቁልፍ

«ቆልፌዋለሁ አልኩ እኮ! በዚህች እጄ፣ በዚህች ቁልፍ፣ ቀጭ አድርጌ! የቆለፈ ሰው እንደ ሌባ ይጠየቃል እንዴ?»

ይሄ አጎቴ ነው። የሚጮኸው ኢንሹራንሱ ቢሮ ውስጥ ነው፤ እኔ የምሰማው ደግሞ በሩ አጠገብ ካለችው ሱቄ ሆኜ ነው። ሱቅ ስል ትልቅ እንዳይመስላችሁ። የቁልፍ መቅረጫ ማሽኔና እኔ ከገባን ሞላ፤ ደንበኛ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ወዲያ ማዶ ሰው ካስነጠሰ እኔ ወዲህ ሆኜ «ይማርህ» እላለሁ።

«ጋሼ፣ ማንም እንደ ሌባ አልጠየቀዎትም» አለች የካሳ ክፍሏ ሴትዮ። ድምጿን እዚህ ላሰማችሁ ብችል ደስ ባለኝ። በአፍንጫዋ ትጀምርና መሃል ላይ ይደክማታል፤ መጨረሻውን በትንፋሽ ብቻ ትለዋለች፣ ቀስ እያለ እንደሚተነፍስ ጎማ። «መኪናው የተሰረቀበትን ሰው ሁሉ የምጠይቀውን ነው የጠየቅኩት። የፖሊስ ማስረጃ፣ ሊብሬ፣ ሁለቱንም ቁልፍ።»

ሰፈሩ እሷን «እትዬ ሁለቱንም» ነው የሚላት። መኪና ተሰርቆበት የመጣ ሰው ቢያለቅስም፣ ቢምልም፣ ጠረጴዛ ቢመታም እሷ የምትለው አንድ ነው፦ ሁለቱንም ቁልፍ። ነገሩ ወዲህ ነው። መኪና ሲገዛ ሁለት ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ሁለቱም እጅህ ላይ ካሉ ሌባው በራሱ ሙያ ወሰደው ማለት ነው። አንዱ ከጎደለ ግን «የት ሄደ?» ይመጣል። ከ«የት ሄደ?» በኋላ ደግሞ ጥሩ ነገር መጥቶ አያውቅም።

አጎቴ አንዱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ሰማሁ። ሌላ ቁልፍ አልተከተለም።

«ሌላው ቤት ነው!» አለች ሚስቱ ከጎኑ። አክስቴ ነች፣ ፈጣን ነች፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ታደርሳለች። «ኮመዲኖ ውስጥ ነው። ነገ ይዘን እንመጣለን።»

«ነገ ሁለቱንም» አለች እትዬ ሁለቱንም፣ «ንም» የምትለውን ሳልሰማው ትንፋሿ አለቀ።

ኮመዲኖ ውስጥ ምንም ቁልፍ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ፣ አጎቴም ያውቃል፣ ኮመዲኖውም ያውቃል።

አጎቴን ካላስተዋወቅኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። የዳቦ መኪና ይነዳል። መኪናዋ የራሱ ነች፤ ዳቦ ቤቱ በኪሎ ሂሳብ ያሠራዋል። ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነው፤ ትኩሱን ዳቦ በሳጥን ይጭንና ሱቅ ለሱቅ ያድላል። ወገቡ ከመኪናዋ ቀድሞ ነው ያረጀው። ከወንበሩ ሲወርድ መጀመሪያ አንድ እግር፣ ከዚያ «ኧኽ»፣ ከዚያ ሌላው እግር፣ ከዚያ «ኧኽ ኧኽ»። ይህቺን አወራረድ እኔ በደንብ እችልበታለሁ። አክስቴ ፊት ሠርቼላት ስቃ ስትጨርስ በጫማ አባራኛለች።

ሰፈሩ ለሱም ስም አውጥቶለታል፦ «አጥፋው»። ምክንያቱም ሞተሩን አያጠፋም። ዳቦ ሊያወርድ በቆመበት ሁሉ መኪናዋ ታጓራለች፣ ጭሱ ሱቅ ይገባል፣ ባለሱቁ ብቅ ይልና «አጥፋው!» ይላል። ልጆች «አጥፋው መጣ!» ይላሉ። አንዳንዱ እውነተኛ ስሙ መስሎት «ጋሽ አጥፋው፣ እንደምን አደሩ?» ብሎ በትህትና ሰላም ይለዋል።

የማያጠፋው አመል ሆኖበት አይደለም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሞቷል። እሱ «ታሟል» ነው የሚለው። ጠዋት አንዴ ሰው ገፍቶለት ከተነሳች በኋላ ካጠፋት አለቀ፤ ሌላ ገፊ ይለመናል። መካኒኩ «ይቀየር» ይለዋል፣ አጎቴ «እሺ በሚቀጥለው» ይለዋል፤ እንዲህ ሲባባሉ መካኒኩ ራሱ ጡረታ ወጣ።

ታዲያ አጎቴ ዘዴ አበጀ። አንዱን ቁልፍ ማስነሻው ላይ ይተወዋል፤ ሞተሩ ይሠራል። በሌላው ቁልፍ ከውጭ በሩን ይቆልፋል። መኪናዋ ተቆልፋ ታጓራለች፣ እሱ ሳጥኑን ተሸክሞ ይገባል። «እኔ እንደናንተ ክፍት ትቼ አልሄድም» እያለ ሌሎቹን ሾፌሮች ይመክር ነበር። የመከራቸውም ሰምተውት ሁሉም እንደሱ ያደርጋሉ። የዳቦ መኪና ሾፌር ኪስ ብትበረብሩ አንድ ቁልፍ ነው የምታገኙት፤ ሌላው መኪናዋ ላይ ነው።

እና ያን ቀን ጠዋት ሳጥኑን አውርዶ፣ ከባለሱቁ ጋር ስለ ወገብ ሕመም ትንሽ ተጨዋውቶ ሲወጣ መኪናዋ የለችም። መሬቱ ላይ የጎን መስኮቷ ስብርባሪ አለ። ከስብርባሪው አጠገብ የዘይት ጠብታ። አጎቴ ስብርባሪውን በእግሩ ሰብስቦ ዳር አደረገው፤ ጎማ እንዳይወጋ። የራሱ ጎማ እኮ ሄዷል! ግን አጎቴ እንደሱ ነው።

ለፖሊስ «መስኮት ሰብሮ ገብቶ ወሰዳት» አለ። እውነት ነው። ፖሊሱ ጻፈ። ቁልፉ የት እንደነበር አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም።

ከኢንሹራንሱ ሲወጡ አክስቴ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። አጎቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ «ኧኽ» እንኳን አላለም።

«ይቺን ቅረጽልኝ» አለችኝ፣ የቀረችውን ቁልፍ እየሰጠችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፣ ግን የአክስቴ ዝቅ ያለ ድምፅ የሌላ ሰው ጩኸት ነው። «አዲስ እንዳትመስል ደግሞ አሸት አሸት አድርግልኝ።»

«በምን ልሽ?»

«እኔ ምን አውቄ? በአሸዋ። በኪስህ ይዘሃት ዋል። ሳንቲም መሃል ክተታት።»

«አክስቴ፣ ያቺ ሴትዮ ቁልፍ ስታይ ነው የኖረችው። አምና አንዱ ከኔ ያስቀረጸውን ይዞ ገብቶ፣ ወደ መስኮት አዞራ አየችውና ‹የቅርጹ ብናኝ ገና አልረገፈም› አለችው። ወጥቶ እኔን ነው የሰደበኝ።»

«ያንተ ብናኝ ስላልረገፈ ነዋ! እጅህን ታጠብ!» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ስማኝ የኔ ልጅ። ዳቦ ቤቱ ለሳምንት ብቻ ነው የታገሰን። ሌላ ሾፌር ጠይቀዋል። መኪናው ካልተከፈለ በዚያ ወገቡ ምን ሊሠራ ነው? ሳጥን በትከሻው ሊያዞር?»

ቁልፏን ማሽኑ ላይ አሰርኳት፣ ባዶውን ቁልፍ ከጎኗ አሰርኩ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ገና ጥርሷን ሳይነካ ከበስተጀርባዬ አንድ ድምፅ መጣ።

«አጥፋው።»

አጎቴ ነው። ያን ቃል ከሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንደሌላው ሰው አልጮኸበትም፤ ልክ የሚተኛ ሰው «መብራቱን አጥፋው» እንደሚለው ነው ያለው። አጠፋሁት።

«አንተ ሰውዬ!» አለች አክስቴ። «ጽድቅ ነው የምትፈልገው? ሰባራ ሞተሪኖ ይዞ ጽድቅ!»

«ጽድቅ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው» አለ። «አሁን ነገ ‹ይኸው ሁለቱም› እላለሁ። ከዚያ ‹ኮመዲኖው የት ጋ ነው› ትለኛለች። ከዚያ ‹መጨረሻ የተጠቀምክበት መቼ ነው› ትለኛለች። ያልኳትን ማስታወስ አለብኝ። ሁልጊዜ። ውሸት ጉልበት ይፈልጋል፣ የኔን ጉልበት ዳቦ ጨርሶታል።»

አክስቴ ቁልፏን ከማሽኑ ላይ ራሷ ፈታችና ለእሱ ሰጠችው። «ሲርብህ ደክሞኝ ነው ብለህ ብላ» አለችው። ግን ክንዱን ይዛ ነው የሄደችው።

በማግስቱ ገባ። እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«ሁለቱንም?» አለች እትዬ ሁለቱንም።

«አንድ ነች። አንዷ መኪናዋ ላይ ነበረች፣ ማስነሻው ላይ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ግን ቆልፌዋለሁ። ትናንት ባለቤቴ ‹ቤት ነው› ያለችሽ ደንግጣ ነው፤ ተይላት።»

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀጥሎ እንደዚህ አለች፤ ለአንድ ጊዜ ሳይደክማት እስከ መጨረሻው፦

«ጋሼ፣ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ሁሉም ቤት ነው ይላል፣ ወንዝ ገባ ይላል፣ ልጅ ዋጠው ያለኝ አለ፤ የመኪና ቁልፍ! እና እውነቱን ስለነገሩኝ ደስ ቢለኝም ልከፍልዎት አልችልም፤ ውሉ እንዲህ ነው የሚለው፦ መኪናው ያለጠባቂ ቆሞ ቁልፉ ውስጥ ተትቶ ከተሰረቀ ስርቆቱ አይሸፈንም። ቢቆለፍም፣ ባይቆለፍም።»

«መስኮት ሰብሮ ነው እኮ የገባው!»

«መግባቱን መስኮቱ ፈቀደለት። መሄዱን ግን ቁልፉ ነው የፈቀደለት። ሌባው ቁልፍ ባያገኝ ሽቦ ሲፈልግ፣ መሪ ሲታገል፣ እርስዎ በደረሱ። እኛ የማንከፍለው ለዚያ ነው።»

«እና እኔ ገፊ ሳጣ እናንተ ልትገፉልኝ ነው?» አለ አጎቴ። ቀልድ ነበር መሰለኝ፤ ግን የሳቀ የለም።

ሲወጣ አየሁት። ደረጃውን ወርዶ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ያቺን አንዷን ቁልፍ አወጣ፣ አያት፣ መልሶ ከተታት። መኪና የሌላት ቁልፍ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ? ጥርስ ብቻ።

ሁለት ቀን ዳቦውን ሌላ ሾፌር አደለ። አጎቴ ቤት ተኛ። አክስቴ «ቢያንስ ወገቡ አረፈ» ትላለች፤ ስትለው ግን አይኗ በር በሩን ነው።

ከዚያ ፖሊስ ደወለ። መኪናዋ ተገኝታለች።

ከከተማው ጫፍ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ሜዳ መንገድ መሃል፣ አፍንጫዋን አስፋልት ዳር አድርጋ ቆማለች። ሌባው እስከዚያ ነድቷት መታጠፊያው ላይ ፍሪሲዮኑን ሳይረግጥ ፍሬን ያዘ መሰለኝ፣ ጠፋችበት። ጠፋች ማለት ደግሞ ጠፋች ነው! ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢለምን፣ ቢሳደብ ቀጭ ቀጭ ብቻ። የአጎቴ ሞተሪኖ ሰው አይመርጥም፣ ሌባም ቢሆን። ከጎን የነበረ ዘበኛ ለፖሊሱ እንደነገረው ሰውዬው መንገደኛ አስቁሞ «ግፉልኝ» ብሎ ለምኗል። ማንም አልገፋለትም። ተናዶ በሩን ረግጦ ሄደ። ግማሹ ዳቦ ኋላ አለ፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

አጎቴ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ከስርቆቱ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነው። «አየሽ?» አላት አክስቴን። «መካኒኩን ሰምቼ ብቀይረው ኖሮ አሁን ድንበር ተሻግራ ነበር።»

«መካኒኩን ሰምተህ ብትቀይረው ኖሮ ሞተሩን ታጠፋው ነበር፣ ቁልፉም ኪስህ ውስጥ ይሆን ነበር!» አለችው። እንግዲህ ማን ይመልስላታል።

ግን ሳቁ አልቆየም። ሌባው ሲሄድ ቁልፉን ይዞ ነው የሄደው። መኪናዋ አለች፣ ቁልፏ ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነች። ያ ሰው ደግሞ ዳቦ ቤቱን ያውቃል፣ መንገዱን ያውቃል፤ አሁን መስኮት መስበርም አያስፈልገውም። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ነው። ሲሊንደሩ፣ ቁልፍ የሚገባበት ማለት ነው፣ የበሮቹ፣ የኋላው፣ የማስነሻው፣ ሁሉም ወጥቶ አዲስ ይገባል፤ የድሮው ቁልፍ ጥርስ መፋቂያ ይሆናል። ሥራውን እኔ እሠራለሁ፤ ለአጎቴ እጄን አላስከፍልም። ዕቃውን ግን ከኪሴ ላወጣው አልችልም፣ እሱም አይችልም።

«ኢንሹራንስህ ላይ የቁልፍ መቀየሪያ ሽፋን አለህ ወይ?» አልኩት።

«አለኝ መሰለኝ። ስዋዋል ‹ይህችንም ጨምሩበት› ብለውኝ ጨምሬ ነበር። ምን እንደሆነች አላውቅም።»

ገባን። በዚህ ጊዜ እኔም አብሬው ገባሁ፤ ግድግዳው ይሰለቻል። እትዬ ሁለቱንም ብርጭቆ ሻይዋን ይዛ ነበር። አጎቴን ስታይ ሻዩን አስቀመጠች፤ እንደምታዝንለት ታስታውቃለች፣ እንደሰለቻትም ታስታውቃለች።

ነገርናት። ውሉን ከፈተች፣ ጣቷን እየነዳች ወረደች፣ ቆመች፣ እንደገና ወጣች።

«አለዎት» አለች። «ቁልፍ ከጠፋ ወይ ከተሰረቀ፣ ለፖሊስ ከተመዘገበ፣ ሲሊንደሮቹንና ቁልፎቹን እስከ ክፍያው ጣሪያ ድረስ እንቀይራለን ይላል።»

«በቃ!» አለ አጎቴ። «ተሰርቋል፣ ተመዝግቧል።»

«ጋሼ፣ አይቸኩሉ። የስርቆቱ ክፍል ‹ቁልፍ ውስጥ ተትቶ ከሆነ አንከፍልም› ብሎ በግልጽ ይናገራል። የቁልፍ መቀየሪያው ክፍል ግን ስለዚህ ዝም ብሏል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መግቢያው ላይ ‹ባለንብረቱ ተገቢውን ጥንቃቄ ያድርግ› የሚል አለ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያንን ይዞ ‹ቁልፉን ራሱ ትቶ ነው› ሊል ይችላል።»

«ሊል ይችላል ወይስ ይላል?»

«ይላል። እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ አይሉም እላለሁ» አለ አጎቴ። «ዝም ያለ ዝም ብሏል። እዚያ ጋ ያስጮኸውም፣ እዚህ ጋ ዝም ያሰኘውም ውሉን የጻፈው ራሱ ነው። ቁልፌ ተሰርቆ ነው፣ ጥዬው አይደለም። ደግሞ ቆልፌ ነው!»

«ቆልፌ! ቆልፌ!» አለች እሷ፣ ልክ እሱን አስመስላ። ዘወር ብዬ አየኋት። ሴትዮዋ ማስመሰል ትችላለች! በኔ ሙያ ገባችብኝ። ከዚያ እንደ መፈገግ አለች። «እንወራረድ?»

«በምን?»

«ዋናው መሥሪያ ቤት እምቢ ካለ፣ ሞተሪኖውን ያስቀይራሉ። ተበድረውም ቢሆን። እና መጀመሪያ የሚያጠፉት እዚህ በሬ ላይ ነው፣ እኔ እየሰማሁ። ጭስዎ በየጠዋቱ ሻዬ ውስጥ ነው የሚገባው።»

«እሺ ካለስ?»

«እሺ ካለ የሚሉትን።»

አጎቴ አሰበ። አጎቴ ሲያስብ ወገቡን ይይዛል፤ ሐሳቡ እዚያ ያለ ይመስል። «እሺ ካለ» አለ፣ «አንድ ጠዋት መጥተሽ ትገፊልኛለሽ። በዚህ ጫማሽ።»

ጫማዋን አየች። ተረከዙ ቀጭን ነው። እጇን ዘረጋች፣ ተጨባበጡ። ወረቀቱን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላከችው፤ ከስሩ ምን እንደጻፈችለት ግን አልነገረችንም። እኔ ጠየቅኳት። «ውርርዴን ላበላሽ?» አለችኝ።

ይኸው እስካሁን መልስ የለም። ዳቦ ቤቱ አጎቴን መልሶታል፤ ሌላኛው ሾፌር ዳቦ እየበላ ነበር አሉ። የተሰበረው መስኮት ላይ ካርቶን ተለጥፏል። መሪውን በወፍራም ሰንሰለት ከመቀመጫው ጋር ያስረዋል፤ የሰንሰለቱ ቁልፍ አንገቱ ላይ ነች፣ የመኪናዋ ቁልፍ ኪሱ። እና አሁን ያጠፋዋል! ይህን ሰፈሩ ማመን አልቻለም። የሚያጠፋው ግን ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው፤ ሲመለስ ማርሽ አስገብቶ እንድትንከባለል። ስለዚህ ዳቦ የሚደርሰው እንደ ቁልቁለቱ ሆነ። ዳገት ላይ ያሉ ሱቆች ትኩስ ዳቦ ያገኛሉ። ሜዳው ላይ ያሉት፣ አጎቴ ዳገቱ ላይ አቁሞ ሳጥኑን በትከሻው እያወረደላቸው ነው፤ አንድ ሳጥን፣ «ኧኽ»፣ ሌላ ሳጥን፣ «ኧኽ ኧኽ»። አክስቴ የፈራችው ነገር ይኸው ነበር፤ መኪና እያለውም ደረሰበት።

በየጠዋቱ በኢንሹራንሱ በር ሲያልፍ ቀስ ይላል። መንገዱ እዚህ ጋ ሜዳ ስለሆነ አጥፍቶ መውረድ አይችልም። በካርቶኑ በኩል ማየት ስለማይችል በደህናው መስኮት አንገቱን ያወጣና «መጣ?» ይላል። እትዬ ሁለቱንም ሻይዋን ይዛ መስኮቷ ጋ ትቆማለች።

«አልመጣም!»

«ጫማ ገዛሽ?»

«ሞተሪኖ ገዙ?»

ጭሱ ይገባል፣ መስኮቷን ትዘጋለች፣ እሱ ወደ ቁልቁለቱ ይሄዳል። እኔ አዲሶቹን ሲሊንደሮች የት እንደማገኝ ጠይቄ አውቄያለሁ። አክስቴ ለማን እንደተወራረድኩ ጠየቀችኝ፤ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል እኮ። አልነገርኳትም። ትናንት ግን እትዬ ሁለቱንም ወደ ቢሮዋ ስትገባ እግሯን አየሁት፤ ዝቅ ያለ ጫማ ነው ያደረገችው። ጠይቄያት ነበር፦

«ምነው እትዬ፣ ለመግፋት ነው?»

«እግሬን አሞኝ ነው» አለች፣ «ነው» የምትለዋን ሳልሰማት ገባች።